ከቁጥሩ በፊት ፊደሉን እዩ፦ የህንድ ባቡር የተጠባባቂ ትኬት ሲመረጥ

ህንድ ለትምህርት የሄደ አበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ስልኩ ላይ ሁለት አማራጭ ይታያል። አንዱ ባቡር PQWL 8 ይላል። ሌላው GNWL 26 ይላል። ሁለቱም የተጠባባቂ ትኬት ናቸው። የሰው ልጅ ወረፋ ሲያይ አጭሩን ነው የሚመርጠው፤ ስለዚህ እጁ ወደ 8 ይሄዳል። እኔም አዲስ በነበርኩበት ጊዜ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በህንድ ባቡር 26ኛ መሆን ብዙ ጊዜ 8ኛ ከመሆን ይሻላል።

ምክንያቱን ለመረዳት መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ GNWL 31/WL 24 የሚል ጽሑፍ አላችሁ እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር ትኬቱ ሲቆረጥ የተሰጠው ተራ ነው፤ እሱ አይቀየርም። ሁለተኛው አሁን ያለው ተራ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ ሁለተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከፊት የነበሩ ስንት ሰዎች እንደወጡ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ ሰባት ሰው ወጥቷል ማለት ነው።

ተራው የሚንቀሳቀሰው በሰንሰለት ነው። አልጋ የተረጋገጠለት ሰው ትኬቱን ሲሰርዝ አልጋው በቀጥታ ለተጠባባቂ አይሄድም። መካከል ላይ RAC የሚባል፣ መሳፈርን የሚያረጋግጥ ሙሉ አልጋን ግን የማያረጋግጥ ደረጃ አለ። አልጋው ለመጀመሪያው RAC ይሰጣል፤ የ RAC ተራ በአንድ ይቀንሳል፤ WL 1 የነበረው ሰው ደግሞ የ RAC መጨረሻ ይሆናል። ከእናንተ ፊት ያለ ተጠባባቂም ተስፋ ቆርጦ ቢሰርዝ ተራችሁ ይቀንሳል። ስለዚህ WL 24 የያዘ ሰው ባቡሩ ላይ ለመሳፈር ከፊቱ 24 ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል። ሙሉ አልጋ ለማግኘት ግን የ RAC ተራውንም መጨረስ አለበት። በዚያ ባቡር 18 RAC ካለ በድምሩ ወደ 42 ሰው መውጣት አለበት።

ብዙ ይመስላል። እንደ ፊደሉ ግን ሊበዛም ሊያንስም ይችላል።

GNWL አጠቃላይ የተጠባባቂ መዝገብ ነው። የሚሰጠው ባቡሩ ከሚነሳበት ጣቢያ ወይም ከዚያ አቅራቢያ ለሚቆረጥ ረጅም ጉዞ ነው። ከጀርባው ያለው የአልጋ ክምችት የባቡሩ ትልቁ ክምችት ነው። PQWL ደግሞ በመንገድ ላይ ባሉ ጣቢያዎች ለሚሳፈሩ ወይም መጨረሻው ሳይደርስ ለሚወርዱ ሰዎች የተተወ የጋራ ኮታ ነው። ይህ ኮታ ትንሽ ነው። RLWL የሚባለውም የመንገድ ጣቢያ ኮታ ነው፤ በመስመሩ ላይ ላለ ትልቅ ከተማ ተለይቶ የተሰጠ። እነዚህ ኮታዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወረፋ አላቸው። የ PQWL ወረፋ የሚንቀሳቀሰው በዋናነት በዚያው ኮታ ውስጥ ያለ ሰው ሲሰርዝ ነው።

እስቲ በሂሳብ እንየው። አንድ ባቡር አምስት የ3A፣ ማለትም ሦስት ፎቅ አልጋ ያለው የኤሲ ማዕረግ፣ ፉርጎ አለው እንበል። በአዲሱ ዓይነት ፉርጎ አንዱ 72 አልጋ ይይዛል፤ በድምሩ 360 አልጋ። ከዚህ ውስጥ 300 ያህሉ በአጠቃላዩ ክምችት ውስጥ ነው ብንል፣ GNWL 26 የያዘ ሰው ለመሳፈር ከመቶ ዘጠኝ የማይሞላ ስረዛ ይበቃዋል። የ PQWL ኮታ ግን 12 አልጋ ብቻ ቢሆን፣ PQWL 8 የያዘው ሰው ከ12ቱ ሁለት ሦስተኛው እንዲሰርዙለት ይጠብቃል። ከህንድ ባቡር መሥሪያ ቤት በኩል ሲነገር የሰማነው አኃዝ፣ በአማካይ ከአምስት ትኬት አንዱ ገደማ እንደሚሰረዝ ነው። በዚህ ሚዛን GNWL 26 ሲያልፍ PQWL 8 ይቀራል። የ8 እና የ12ቱ ቁጥር ምሳሌ ነው፤ ኮታው ከባቡር ባቡር ይለያያል። መርሁ ግን አይለወጥም፦ ተራችሁን ብቻ አትቁጠሩ፤ ተራውን ከጀርባው ካለው የአልጋ ብዛት ጋር አነጻጽሩት።

ይኸው ሂሳብ በማዕረግም ይሠራል። ስሊፐር የሚባለው ርካሹ የአልጋ ማዕረግ በአንድ ባቡር ላይ ብዙ ፉርጎ አለው። 3Aም ብዙ ነው። ሁለት ፎቅ አልጋ ያለው 2A ግን በአንድ ፉርጎ ከ50 ትንሽ የሚያልፍ አልጋ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜም ፉርጎው አንድ ወይም ሁለት ነው። የአንደኛ ማዕረግ፣ የ1A፣ ፉርጎ 24 አልጋ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በ3A ላይ WL 20 ልብ የሚያሳርፍ ሲሆን በ2A ላይ WL 20 ያሳስባል። በ1A ላይ WL 5 እንኳን ብዙ ነው። «ገንዘብ ጨምሬ ከፍ ያለውን ማዕረግ ልቁረጥ፣ ቶሎ ይረጋገጥልኛል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልጋው ክፍት ከሆነ ልክ ነው። በተጠባባቂ ከሆነ ግን ገንዘብ ጨምሮ ዕድሉን አሳነሰ ማለት ነው።

አንድ ፊደል ቀርቶናል። TQWL በታትካል የተቆረጠ የተጠባባቂ ትኬት ነው። ታትካል በመጨረሻው ሰዓት የሚሸጥ፣ ዋጋው የሚጨምር ኮታ ነው። የሚከፈተው ባቡሩ ከመነሻ ጣቢያው ከሚነሳበት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ነው፤ ለኤሲ ማዕረጎች ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለስሊፐር 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ስክሪኑ ላይ 10:00 እና 11:00 ብሎ ነው የሚያሳየው፤ እሱን ልብ በሉ። ታትካል ላይ ክፍት አልጋ ካገኛችሁ ግሩም ነው። TQWL ከሆነ ግን እኔ አልቆርጠውም። ወደ RAC የመሸጋገሪያ ደረጃ የለውም፤ ወይ ይረጋገጣል ወይ ይቀራል። ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ሲዘጋ ደግሞ ትርፍ አልጋ ከተገኘ ቅድሚያው ለ GNWL ነው። ለታትካል ትኬት ያን ያህል የተጣደፈ ሰው ትኬቱን የሚሰርዝበት ምክንያትም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ወረፋው እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ታትካልን በኢንተርኔት ለመቁረጥ የባቡር ትኬት የሚሸጠው የ IRCTC ድረ ገጽ ላይ ያለው አካውንታችሁ በአድሃር መታወቂያ መረጋገጥ አለበት። ህንድ ውስጥ ከ182 ቀን በላይ የቆየ የውጭ አገር ሰው አድሃር ማውጣት ይችላል። ተማሪ ከሆናችሁ በጊዜ ጨርሱት።

አሁን ወደ RAC እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። RAC በግማሽ የተረጋገጠ ትኬት ነው ማለት ይቻላል። ባቡሩ ላይ መሳፈራችሁ አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው መተኛታችሁ ነው። በመተላለፊያው በኩል ያለው የታች አልጋ ለሁለት ሰው ይሰጣል። አልጋው መሃሉ ላይ ተከፍሎ ጀርባ ማስደገፊያ ይነሳና ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ወንበሮች ይሆናል። ሌሊት ላይ መልሰው ይዘረጉታል፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እግራቸውን አጠላልፈው ጋደም ይላሉ። ዋጋው የሙሉ አልጋ ነው። በስሊፐርና በ3A እነዚህ የታች አልጋዎች 7፣ 15፣ 23፣ 31፣ 39 እያሉ በስምንት በስምንት የሚሄዱት ናቸው። ዝርዝሩ ወጥቶ ከ RAC አጠገብ B4/39 የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ B4 ፉርጎው ነው፤ 39 ከሌላ ሰው ጋር የምትካፈሉት አልጋ ነው።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። GNWL 5 እና RAC 15 ፊታችሁ ካሉ፣ RACን ውሰዱ። RAC ለያዘ ሰው ሁለት ዕድል አለው። አንደኛው እስከ ዝርዝሩ መዘጊያ ድረስ ያለው ስረዛ ነው። ሁለተኛው ከባቡሩ የሚቀሩ ሰዎች ናቸው። ትኬት ቆርጠው የማይመጡ ሰዎች ሁልጊዜ አይጠፉም፤ ተቆጣጣሪው ያልመጡትን በእጁ በያዘው መሣሪያ ይመዘግባል፤ ባዶው አልጋ በተራ ለ RAC ይሰጣል። ተቆጣጣሪውን ጠብቁ፤ ሲመጣ ተራችሁን በትሕትና ጠይቁ። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ የተካፈላችሁት ሰው ሌላ አልጋ ካገኘ፣ የተካፈላችሁት አልጋ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ይሆናል። ስለዚህ የእናንተ ዕድል በራሳችሁ ተራ ብቻ አይወሰንም፤ የጎረቤታችሁም ይጨመርበታል።

WL ግን እንደዚህ አይደለም። በኢንተርኔት የተቆረጠ ትኬት ዝርዝሩ ሲዘጋ ሁሉም ተሳፋሪ WL ላይ ከሆነ በራሱ ይሰረዛል፤ ገንዘቡ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶበት ይመለሳል። በዚያ ትኬት መሳፈር አይቻልም። በመስኮት የተቆረጠ የወረቀት ትኬት ያለው ሰው «ወረቀቱ እጄ ላይ ነው» ብሎ ስሊፐር ወይም ኤሲ ፉርጎ ውስጥ ይገባል። እሱም አይፈቀድም። ይቀጣል፤ ወይም ወደ ጄኔራል ፉርጎ እንዲወርድ ይደረጋል። ሻንጣ ይዞ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ።

ይህ ዝርዝር ቻርት ይባላል። ድሮ ባቡሩ ሊነሳ 4 ሰዓት ሲቀረው ነበር የሚወጣው። በ2025 አጋማሽ ላይ ጊዜው ቀደም ብሎ ቢያንስ 8 ሰዓት ሲቀረው ሆነ፤ በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ቢያንስ 10 ሰዓት ሲቀረው ሆነ። ጠዋት ወይም እስከ ቀትር በኋላ ለሚነሱ ባቡሮች ደግሞ በዋዜማው ምሽት ይወጣል። ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አውቶቡስ ለመፈለግ፣ ለሆቴል ለመደወል፣ ጉዞውን ለማዘግየት ጊዜ አለ። ሁለተኛ ቻርትም አለ፤ ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የሚወጣ። በሁለቱ መካከል ክፍት አልጋ ካለ እንደገና ይሸጣል፤ ስክሪኑ ላይ CURR_AVBL ይላል። ሆኖም ተጠባባቂ ወረፋ ያለበት ባቡር ላይ ይህ እምብዛም አይታይም፤ ባዶው ቀድሞ ለተጠባባቂዎች ስለሚሄድ ነው።

ከሁሉ ትልቁ እንቅስቃሴ የሚታየው ቻርቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት በልዩ ኮታ ተይዘው የነበሩ አልጋዎች፣ ለምሳሌ የድንገተኛ ጉዳይ ኮታ፣ የሴቶች ኮታና የመከላከያ ኮታ፣ ያልተወሰዱት ይለቀቃሉ። የሚለቀቁትም በአብዛኛው ወደ አጠቃላዩ ወረፋ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ WL 4 ላይ ቆሞ የነበረ GNWL ቻርቱ ሲወጣ በድንገት CNF፣ ማለትም የተረጋገጠ፣ ሊሆን ይችላል። PQWL ላይ እንዲህ ያለ ዝላይ አይቼ አላውቅም።

ጊዜውም ይወስናል። በዲዋሊ፣ በዱሴራ፣ በሆሊ ሰሞን እና በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሂሳቡ ይበላሻል። ሰው ወደ ቤተሰቡ ለመሄድ የቆረጠውን ትኬት አይሰርዝም። ወደ ቢሃር የሚሄዱ ባቡሮች በቻት በዓል ሰሞን WL 10 ላይ ተጣብቀው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። በተራ ሳምንት፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ላይ፣ የረጅም ርቀት ባቡር GNWLን እኔ እንዲህ ነው የምመዝነው፦ ተራው ከማዕረጉ ጠቅላላ አልጋ ከመቶ አስር በታች ከሆነ እቆርጣለሁ። ከአስር እስከ ሃያ ከሆነ እቆርጥና ሌላ መንገድ በጎን አዘጋጃለሁ። ከሃያ በላይ ከሆነ እተወዋለሁ። IRCTC ራሱና ሌሎች የትኬት መተግበሪያዎች የማረጋገጫ ዕድሉን በመቶኛ ያሳያሉ። ካለፉት ጊዜያት መዝገብ የተሰላ ግምት ነው፤ እኔ የራሴን ሂሳብ ለመፈተሽ እጠቀምበታለሁ። ከመቶኛው ይልቅ የምተማመነው በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ማየትን ነው። ከ24 ወደ 19 ከወረደ ይንቀሳቀሳል። ከ8 ወደ 8 ከሆነ አልተንቀሳቀሰም።

አሁን የሁለት ሰዎችን ጉዳይ ላምጣ፤ ሁለቱም በአንድ ሌሊት በአንድ ባቡር ነው።

ጓደኛዬ ቪጃያዋዳ ይማር ነበር። እናቱ ሊጠይቁት ከአገር ቤት መጥተው ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የመመለሻ በረራቸው ከዴልሂ ነው። ሦስታችን አብረን ልንሄድ ተስማማን። ከቪጃያዋዳ ወደ ኒው ዴልሂ የሚሄደውን ኤፒ ኤክስፕረስ ስናይ PQWL 8 አለን። ይህ ባቡር ግን ከቪጃያዋዳ አይነሳም። የሚነሳው ከቪሻካፓትናም ነው፤ ከዚያ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ። ከቪሻካፓትናም ኒው ዴልሂ ብለን ስንፈልግ ደግሞ ያው ባቡር፣ ያው ቀን፣ GNWL 31 አለን፤ አሁን ያለው ተራ WL 24።

ያደረግነው ይህን ነው። ትኬቱን ከመነሻው ከቪሻካፓትናም ቆረጥን። ፎርሙ ላይ መሳፈሪያ ጣቢያ የሚለውን ግን ቪጃያዋዳ ብለን ቀየርን። ለማንጓዝበት 350 ኪሎ ሜትር ትንሽ ተጨማሪ ከፈልን። በምላሹ ከትንሹ ኮታ ወጥተን ትልቁ ወረፋ ውስጥ ገባን። ይህ ደንቡ የሚፈቅደው ነገር ነው። መሳፈሪያውን ሳይቀይሩ በመንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግን አደገኛ ነው፤ በመነሻው ካልተሳፈራችሁ አልመጡም ተብሎ አልጋው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ቀኑ ላይ ልንሳሳት ነበር። ባቡሩ ቪሻካፓትናም የሚነሳው ማታ ነው፤ ቪጃያዋዳ የሚደርሰው ሌሊት ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ስለዚህ 15 ሌሊት ለመሳፈር የሚቆረጠው የ14 ትኬት ነው። እኛ ደግሞ ቀኑ የሚነጋው ጎሕ ሲቀድ ነው ብለን ስለምናስብ ሁለት ጊዜ ግራ እንጋባለን። ስክሪኑ ላይ የመነሻው ቀን እና የመሳፈሪያችሁ ቀን ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ሁለቱንም አንብቡ።

ሌላው ውሳኔ ሦስታችንም በአንድ ትኬት ላይ መሆናችን ነበር። የአንድ ትኬት መለያ PNR ይባላል፤ እስከ ስድስት ሰው ይይዛል። አንድ ላይ መቁረጥ ትልቅ ጥቅም አለው። በአንድ PNR ላይ ቢያንስ አንድ ሰው ከተረጋገጠ ወይም RAC ከሆነ፣ ትኬቱ ቻርቱ ሲወጣ አይሰረዝም። WL ላይ የቀሩትም ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፤ አብረው መሳፈር ይችላሉ፤ የራሳቸው አልጋ ብቻ አይኖራቸውም። ለየብቻ ብንቆርጥ ኖሮ WL ላይ የቀረው ሰው ጣቢያው ላይ ይቀራል። ሽማግሌ ወይም ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ይህን አትለፉት። በተቃራኒው፣ ከመካከላችሁ አንዱ አልጋ ባያገኝ ጉዞው የማይሆን ከሆነ፣ ሲቆረጥ «የተረጋገጠ አልጋ ከተገኘ ብቻ ቁረጥ» የሚል ትርጉም ያለው ሳጥን አለ፤ እሱን ምልክት አድርጉ። ያኔ ግማሽ በግማሽ የሆነ ትኬት አይሰጣችሁም።

የስም ቅደም ተከተልም ቀልድ አይደለም። ተራው የሚሰጠው ስም በገባበት ቅደም ተከተል ነው። እማማን አንደኛ አስገባን። WL 24 እሳቸው፣ 25 ጓደኛዬ፣ 26 እኔ። ትኬቱን ማን እንደሚቆርጥ አትዩ፤ ከሁሉ በፊት አልጋ የሚያስፈልገውን ሰው መጀመሪያ ጻፉ።

ለጉዞው 12 ቀን ሲቀረው ነበር የቆረጥነው። በአራት ቀን ውስጥ 24ቱ 17 ሆነ። ጉዞው 3 ቀን ሲቀረው 9። በዋዜማው ማታ 2፣ 3 እና 4። በመነሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ቻርቱ ወጣ። እማማ CNF፣ B4 ፉርጎ፣ አልጋ 22። እኔና ጓደኛዬ RAC፣ ሁለታችንም B4/39። ያው በዚያው ቀን የጓደኛዬ የክፍል ጓደኛ ከቪጃያዋዳ PQWL 8 ቆርጦ ነበር፤ አጭሩን ወረፋ አይቶ። ቻርቱ ሲወጣ PQWL 5 ላይ ነበር። ትኬቱ ተሰረዘ፤ ገንዘቡ ተመለሰለት፤ በአውቶቡስ ሃይደራባድ ሄዶ ከዚያ ሌላ ባቡር ፈለገ።

እሱ ሊያደርገው ይችል የነበረ አንድ ነገር ነበር። ቪካልፕ የሚባል አማራጭ አለ፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌሎች ባቡሮችን ትመርጣላችሁ፣ ያንተ ባቡር ካልሆነ እዚያ ባዶ ካለ ያዛውሩሃል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የተመደበላችሁ ባቡር ከሌላ ጣቢያ ሊነሳ ወይም ሌላ ጣቢያ ሊያደርሳችሁ ይችላል፤ ኒው ዴልሂ ብላችሁ ሌላው የዴልሂ ጣቢያ ኒዛሙዲን ልትወርዱ ትችላላችሁ። አንዴ ከተዛወራችሁ ደግሞ እንደ ተረጋገጠ ትኬት ነው የሚቆጠረው፤ ካልሄዳችሁ ተመላሹ በዚያው ደንብ ይሰላል።

ለእንግዳ የሚሆን ሌላም በር አለ። ለጉብኝት የመጣ የውጭ አገር ሰው በአንዳንድ ባቡሮች ላይ የውጭ ጎብኚዎች ኮታ አለው። ሌላው ሕዝብ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የሚቆርጠው ከ60 ቀን ወዲህ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ኮታ እስከ 365 ቀን ቀድሞ መቁረጥ ይቻላል። ኒው ዴልሂ ጣቢያ ፎቅ ላይ ለጎብኚዎች የተለየ ቢሮ አለ፤ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ነው። ከዴልሂ የሚነሳ ጉዞ ከሆነና ሰፊው ወረፋ ከሞላ መጀመሪያ እዚያ ሞክሩ።

ወደ ባቡሩ ልመልሳችሁ። ሌሊት ተሳፈርን። አልጋ 22 የላይኛው ነው፤ በ3A ሦስት ፎቅ አለ። እማማ በዚያ ጉልበት መሰላሉን መውጣት አይችሉም። ጓደኛዬ 22 ላይ ወጣ። እኔና እማማ 39 ላይ ተካፈልን። እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ አንተስ?» ይሉኛል በየግማሽ ሰዓቱ። እኔ የምጠብቀው ተቆጣጣሪውን ነው።

ዋራንጋል ካለፍን በኋላ መጣ። ጠዋት ነው፤ ሻይ ሻጩ በመተላለፊያው «ቻይ፣ ቻይ» እያለ ያልፋል። ተቆጣጣሪው መሣሪያውን ተመለከተ፤ ከቪጃያዋዳ ይሳፈራል የተባለ አንድ ሰው አልመጣም። ከፉርጎው RAC ውስጥ ቀዳሚው ጓደኛዬ ነበር። B4/12 ተሰጠው። በዚህም 39 ሙሉ በሙሉ የኔ ሆነ። እኔ 22 ላይ ወጣሁ፤ የጀርባ ማስደገፊያዎቹን አጥፈን አልጋውን ዘረጋን፤ አንሶላ አነጠፍን። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው እስከ ናግፑር ተኙ።